አልበስል ያለው ድፍን ምስር

ምስሩ አልበስል አለኝ። አራት ሰዓት ላይ የጣድኩት አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ እንኳ አንዱን ፍሬ በጣቴ ልጨፈልቅ ብል ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ዘለለ። ሰማንያ በሽተኛ ስድስት ሰዓት ላይ ሾርባ ይጠብቃል፤ ግማሾቹ ጥርስ የላቸውም። ውሃ በላኝ!

የዚህ ሆስፒታል ዋና ምግብ አብሳይ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በእኔ እጅ የተበላሸ ሾርባ የለም፤ ካለም ሌላ ሰው ነው ያበላሸው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ አጠገቤ ቆሟል፦ የባሌ አክስት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ከሚብሰለሰሉ ብዬ ረዳት አድርጌ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። የሙከራ ጊዜያቸው ዛሬ ያልቃል። «ብቁ ናቸው» ወይም «አይደሉም» ብዬ የምፈርምበት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው።

ግን ምን ነካው? ዕቃ ቤቱ ሁልጊዜ የሚሰጠን ክክ ነበር፤ እሱ በሃያ፣ በሠላሳ ደቂቃ ፍርስርሱ ይወጣል። ዛሬ ክኩ አልቆ ድፍን ሰጡን። ድፍኑ እንደሚቆይ አላጣሁትም፤ ቢበዛ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ለአንድ እጅ ምስር ሦስት እጅ ውሃ ለክቻለሁ። ውሃው አንሶ ይሆን ብዬ የፈላ ጨመርኩ። እሳቱ ደክሞ ይሆን ብዬ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ይንቀለቀላል። ምስሩ አርጅቶ ይሆን? ጆንያው ላይ ያለው ቀን የቅርብ ነው። ዓይን ገብቶበት ይሆን እስከ ማለት ደረስኩ።

«አክስቴ፣ ጨው ጨምረዋል እንዴ?»

«አዎ ልጄ፣ ገና ሲጣድ። ትንሽ ነው።»

«በቃ! ጨው ምስር እንደሚያደነድን አያውቁም?»

ማማሰያውን አንስተው ማማሰል ቀጠሉ። ይህ ይበልጥ አናደደኝ። አስተዳዳሪው የምሳውን መዘግየት ሰምቶ ሲመጣ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ «ብቁ አይደሉም» ላይ ፈረምኩና እዚያው ሰጠሁት። በሽተኞቹ እንቁላልና ዳቦ በሉ። ትልቁ ድስት ለእራት ይድረስ ተብሎ እሳት ላይ ቀረ።

ከምሳ በኋላ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። ከመሄዳቸው በፊት ጥፋታቸውን በዓይናቸው ይዩት ብዬ ሁለት ትንንሽ ድስት ጣድኩ።

«አንዱን እርስዎ እንደለመዱት ይሥሩ፣ አንዱን እኔ።»

ሁለታችንም አንድ ኩባያ ድፍን ምስር፣ ሦስት ኩባያ ውሃ አደረግን። እሳቱም አንድ ዓይነት ነው። እሳቸው ጨው ነሰነሱ። እኔ ጨው ሳላስነካ፣ እንደ ጠዋቱ፣ እንደ ሁልጊዜዬም፣ የተፈጨ ቲማቲሜንና ሎሚዬን ከመጀመሪያው ጨመርኩ፤ አንድ ጊዜ ከትቼ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ እወዳለሁ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ የእሳቸውን ቀመስኩ፤ እንደ ቅቤ ለስልሷል። የእኔን ስነክስ ጥርሴ ላይ ኩርሽም አለ። ግራ ገባኝ። ጨው ያለው በስሏል፣ ጨው የሌለው ጠጠር ነው! ድስቶቹን አቀያይሬ ይሆን ብዬ እንደገና ቀመስኩ። አልተቀያየሩም።

«ጨው አይደለማ!» አልኩ።

«አይደለም። ያደነደነው ቲማቲሙና ሎሚው ነው። ኮምጣጣ ነገር ምስሩ ከለሰለሰ በኋላ ነው የሚገባው።»

«ታዲያ ክኩን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚሁ ስሠራው ይበስል የለም እንዴ?»

«ክክ እኮ ልብሱን ያወለቀ ነው፣ ለሁለትም ተከፍሏል። ኮምጣጣው ቢያዘገየው እንጂ አያሸንፈውም። ድፍኑ ግን ከነቆዳው ነው።»

ፊቴ ጋለ። «እያወቁ ለምን አልነገሩኝም?»

ሽርጣቸውን እየፈቱ አዩኝ። «ኮምጣጣው መጨረሻ ላይ ይግባ ብዬ ነግሬሽ ነበር። የገባሁ ቀን። ‹አክስቴ፣ እዚህ ቤትዎ አይደለም› አልሽኝ። እኔም ሥራው ስለሚያስፈልገኝ አፌን ዘጋሁ።»

ማለቴን አስታወስኩ፤ እየሳቅሁ ነበር ያልኩት። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሽርጡን ከእጃቸው ነጥቄ «እዚሁ ይጠብቁኝ» አልኩና ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

አስተዳዳሪው ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገብቶታል። «የተፈረመ ያለ ምክንያት አይሰረዝም» አለኝ።

«ምክንያት አለኝ። ምስሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ዋናዋ?»

«እኔ ዋናዋ።»

ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። «እንደዚያ ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። በአንቺ ፋይል ነው የሚገባው።»

ጻፍኩና ፈረምኩ። ስጨርስ አሮጌውን ሰርዞ በአዲስ ቅጽ ላይ «ብቁ ናቸው» የሚለውን አስፈረመኝ።

ስወርድ አክስቴ ትልቁን ድስት እያማሰሉ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። ማማሰያውን አስቀመጡ።

«ነገ የሚመጣውም ድፍን ነው አሉ» አልኳቸው። «እንዴት እናድርገው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እዚህ ቤት አለቃዋ ማን ናት?»

ሽርጡን ዘርግቼላቸው ቆምኩ። «እንጃ፣ አክስቴ» አልኩ።