የተዋጣ ፊት

ሦስት ወንድማማቾች የሟች አባታቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ፎቶ ቤት መጡ። ምስጥ ግራ ፊቱን፣ አፍንጫውን፣ አገጩንና የኮቱን ደረት በልቶታል። ፎቶ አዳሿ ስካን አድርጋ የተቀደደውን በኮምፒውተር ገጠመች። የተረፈውን ቀኝ ጉንጭና ዓይን ገልብጣ ወደ ግራ አመጣችና ጥላው እንዳይሳሳት ብርሃኑን አስተካከለች። አፍንጫና አገጭ ግን ከየት ይምጣ?

«አገጩን ከኔ ውሰጂ፤ ቁርጥ እሱን ነኝ» አለ ታላቅየው። መካከለኛው አፍንጫውን አዋጣ። ታናሹ የሚያዋጣው ቢያጣ፣ «ኮቱን ሱፍ አድርጊው፤ ከረባትም ጨምሪበት» አለ።

«እጅጌው ላይ የዘበኛ ምልክት ይታያል እኮ፤ ጨርቁን ከዚያው ቀድቼ ብሞላው ይሻላል» ብትል ማን ሰምቷት። ደንበኛ ንጉሥ ነውና ምልክቱን እያዘነች አጠፋችው።

ሥራው ሲያልቅ እናታቸውን ይዘው መጡ። አሮጊቷ መነጽራቸውን ጠርገው ምስሉን ብዙ አዩት።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«አባባ ነዋ፣ እማዬ» አለ ታላቅየው፣ አገጩን ቀና አድርጎ።

«አባታችሁስ አይደለም» አሉ ረጋ ብለው። «ግን ደህና ሰው ይመስላል። ሳሎን ስቀሉልኝ።»