ቀለሙ ያማረ ማንጎ

ልብስ ሰፊዋ ነገሯ ሁሉ ችኮላ ነው። ታላቅ እህቷም ስሟን ትታ «ጥድፊያ» ነው የምትላት። ትዕግሥት የነበራት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ለእህቷ ለምታደርቀው ማንጎ። በስሱ ቆርጣ፣ ሎሚ አስነክታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ወንፊት ላይ ደርድራ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ሻሽ አልብሳ፣ ጤዛ ሳይወርድ ወደ ቤት ታስገባዋለች። እህቷ አስም ስላለባት የሱቁን አትደፍርም። ቀለሙ እንዳይጠቁር የሚገባበት ድኝ ትንፋሽ ይዘጋብሻል ብሏታል ሐኪሙ።

ዘንድሮ ሥራ በዛና ጥድፊያ እንደ ስሟ ሆነች። ሌላ ጊዜ ማንጎውን ጠርሙስ ውስጥ ከከተተችው በኋላ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየነቀነቀች ታየዋለች፤ መስታወቱ ካላበው መልሳ ታሰጣዋለች። አሁን ግን አሽጋ ረሳችው። ሊወሰድ ሁለት ቀን ሲቀረው ብትከፍተው ሻግቷል።

ባዶ እጇን መሄድ ሞት መሰላት። ከሱቅ ቢጫው የሚያበራ የደረቀ ማንጎ ገዛች። ድኝ እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ አንብባዋለች። ሦስት ጊዜ ለብ ባለ ውኃ አጠበችው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጣችውና በዚያው በተለመደው ጠርሙስ ሞላችው። የታጠበ ነገር ይጠራል ብላ አመነች። ዕድሜዋን ከጨርቅ ጋር የኖረች ሰው ሌላ ምን ታስብ።

እህቷ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው።

«የዘንድሮው ቀለሙ እንዴት ያምራል። እጅሽ ይባረክ» አለች።

አራት ቁራጭ በላች። ብዙም ሳይቆይ ደረቷ ሲር ሲር ይል ጀመር። የሚሳበውን መድኃኒቷን ደጋግማ ብትስብም አልለቀቃትም።

ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ተደርጎላት፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ ትንፋሿ መለስ አለ። ነርሷ ካርዱን ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ማንጎ አይስማማዎትም ማለት ነው። ሁለተኛ እንዳይበሉ ብዬ ልጻፍ?»

«የእህቴ እጅ ጎድቶኝ አያውቅም» አለች በሽተኛዋ፣ ጭምብሉን ገለጥ አድርጋ። «እሱን ተይውና ሌላ ፈልጊ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ጥድፊያ ግን ያቺን እምነት መሸከም አልቻለችም።

«እትዬ፣ የኔ አይደለም። የኔው ሻገተ። የሱቁን አጥቤ ነው ያመጣሁልሽ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አቆመች። «ድኙ ውስጡ ድረስ የገባ ነው እኮ፤ በማጠብ ሙሉ በሙሉ አይወጣም» አለችና ካርዱ ላይ ማንጎውን ትታ ድኙን ጻፈች።

እህቷ ፊቷን ወደ ጥድፊያ አዞረች። ጥድፊያ ስድቡን ጠበቀች፤ ብትሰድባት ይቀላት ነበር።

«ጥድፊያ» አለች እህቷ በቀጭን ድምፅ። «ባዶ እጅሽን ብትመጪ በሬን እዘጋብሽ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን እጅ ይዛ አለቀሰች።