የእናቴ ነጠላ በእርማት መመሪያው ላይ

ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር ተማሪ ፊት አፍሬ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ጥር ላይ ግን አፈርኩ፤ ያውም በገዛ እጄ ጽሑፍ።

እንደሻው እባላለሁ። አሰላ ውስጥ በአማርኛ ከሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሳይንስ ክፍል ተጠሪ ነኝ። ቁጣ ይቀናኛል፤ ባለቤቴም ባልደረቦቼም ያውቁታል፣ እኔም አልክድም። ሰባተኛ ክፍል አራት ምድብ አለን። ሁለቱን እኔ አስተምራለሁ፤ ሁለቱን መስከረም ላይ ለተቀጠረችው ለወርቅቱ ሰጠናት። ወርቅቱ የጢቾ ልጅ ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ ነው፣ ለመጠየቅ ግን አታፍርም። የሙከራ ጊዜዋ ስድስት ወር ነው። ቋሚ ትሁን ወይስ ትሰናበት የሚለውን ቅጽ የምሞላው ደግሞ እኔ ነኝ።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ለአራቱም ምድብ አንድ ይሁን ብለው ያዘዙት ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ የውብዳር ናቸው። የአጭር መልሱን ክፍል እኔ አወጣሁ፤ አምስት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ። የእርማት መመሪያው ሦስት ዓምድ አለው፦ ጥያቄው፣ ሞዴል መልሱ፣ ቀጥሎ «ሌሎች ተቀባይነት ያላቸው መልሶች»። ሞዴል መልሶቹን ከማስታወሻ ደብተሬ ገለበጥኩና ሦስተኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች «የለም» እያልኩ ሞላሁት። አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ወርቅቱ ረቂቁን አይታ መጣች። ማረም ከመጀመራችን በፊት ከየምድቡ ጥቂት ወረቀት አብረን ብናነብ፣ ልጆቹ በራሳቸው አባባል በትክክል የጻፉትን ዓምዱ ላይ ብንጨምር ምን ይመስልዎታል አለችኝ። ቱግ አልኩ። መልስ ማለት መልስ ነው፣ እንደ ገበያ ድርድር የለውም ብዬ መለስኳት። ረቂቁን ይዛ ወጣች።

ሦስተኛው ጥያቄ «ነፋስ ባለበት ቀን የታጠበ ልብስ ቶሎ የሚደርቀው ለምንድን ነው?» ይል ነበር። ሞዴል መልሴ ደግሞ ይኸው፦ «ነፋስ በልብሱ ዙሪያ ያለውን እርጥበት ያዘለ አየር ስለሚያስወግድና የትነት ፍጥነት ስለሚጨምር ነው፤ ለምሳሌ የእናቴ ነጠላ።» ነፍሷን ይማረውና እናቴ በሕይወት ሳለች ነጠላዋን አጥር ላይ ስታሰጣ አይቼ የጨመርኩት ምሳሌ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዳለ አስጽፈዋለሁ።

አድልዎ እንዳይኖር ወረቀት ተለዋወጥን፤ እሷ የእኔን ልጆች፣ እኔ የእሷን አረምን። አንዷ ልጅ «ልብሱ አጠገብ ያለው አየር ይረጥባል፤ ነፋሱ ይጠርገውና ደረቅ አየር ይተካል፤ ደረቁ አየር ውሃውን ቶሎ ይወስደዋል» ብላ ጽፋለች። ትነት የሚል የለ፣ እርጥበት ያዘለ የሚል የለ፤ ዜሮ። ሌላው «ነፋስ ስለሚያደርቀው» ብሏል፤ እሱም ዜሮ። የገባትንና ጥያቄውን መልሶ የገለበጠውን በአንድ እስክሪብቶ አንድ አደረግኳቸው። ቀዩ ቀለም ሲያልቅ ሌላ አስመጥቼ ቀጠልኩ።

ወርቅቱ የእኔን ልጆች አርማ ስታስረክበኝ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የጻፉት አለችኝ። እኔ እንደ ሙገሳ ወሰድኩት። እንዴት ኮርቼ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

የእኔ ምድቦች ከአሥር በአማካይ ስምንት አመጡ፣ የእሷ ሦስት። በስብሰባው ላይ አሥራ ሁለት መምህራን ፊት ተነሳሁና አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። እነዚህ ልጆች ግማሽ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ከመቀመጥ በቀር የተማሩት የለም አልኩ። ወርቅቱ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስትወጣ የልጆቿን ወረቀት መልሳ መውሰድ ትችል እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። እኔም በዚያው ቀን ቅጹ ላይ «አጥጋቢ አይደለም» ብዬ ፈረምኩ። ዓርብ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊሄድ ነበር።

ረቡዕ ለልጆቼ ወረቀታቸውን መለስኩ። ከአሥር አሥር ያመጣችው ሮሐ ናት፤ ጓደኞቿ እንዲማሩባት ብዬ ሦስተኛውን መልስ ቆማ እንድታነብ አደረግኳት። አንድ ቃል ሳትስት አነበበች፣ እስከ ነጠላው። ደስ ብሎኝ ልቀልድ አማረኝ።

«እናትሽ ነጠላዋን የት ነው የምታሰጣው?»

ሮሐ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው።

«እናት የለኝም ቲቸር። እርስዎ እንዳስጻፉን ነው የጻፍኩት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገሩን ለማለፍ ብዬ፣ እሺ መስኮት ሲዘጋ የታጠበ ወለል ሳይደርቅ የሚቆየው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ያው ጥያቄ ነው፣ ልብሱ በወለል ተተካ እንጂ። ሮሐ መልስ አልነበራትም። ሌላም እጅ ያወጣ የለም።

ወረቀቶቹን መልሼ ሰበሰብኩና መምህራን ክፍል ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሰማንያ አንድ ወረቀት አገላበጥኩ። ሰባ ሦስቱ ላይ የእናቴ ነጠላ አለ። ጉድ ነው እኮ! እኔ የመዘንኩት ሳይንስ አልነበረም፤ የገዛ ደብተሬን ነበር። የወርቅቱ ልጆች ደብተሬን አላዩም፣ ስለዚህ ወደቁ። በዚህ ነው የሰው እንጀራ ላይ የፈረምኩት።

እግሬን እየጎተትኩ ወይዘሮ የውብዳር ቢሮ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅጹን ከመሳቢያ አውጥተው መለሱልኝ። መመሪያውን ከወርቅቱ ጋር እንደገና ሥራው፣ ከዚያ ስብሰባ ላይ ተሳስቼ ነበር በል አሉኝ፤ እዚያው በተናገርክበት ቦታ።

ሐሙስ ወርቅቱን ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከየምድቡ አሥር አሥር አነበብን። የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ለሁለት ከፈልነው፤ እርጥቡ አየር መወሰዱን ለገለጸ አንድ ነጥብ፣ በዚያ ምክንያት ውሃው ቶሎ ወደ አየር መግባቱን ለገለጸ አንድ ነጥብ። «ይጠርገዋል»፣ «ይገፋዋል»፣ «ደረቅ አየር ይተካል» የሚሉትን ሁሉ ከልጆቹ ወረቀት እየለቀመች ሦስተኛው ዓምድ ላይ ጻፈች። «ነፋስ ስለሚያደርቀው» ነጥብ እንደማያሰጥ ከነምክንያቱ ለብቻው አሰፈርን። ከዚያ አንዳችን የሌላውን ሳናይ ሌላ አሥር ወረቀት አርመን አመሳከርን። የተለያየነው በአንዱ ብቻ ነው፤ «ነፋሱ ውሃውን ያራግፈዋል» ለሚለው እኔ አንድ ሰጥቼ እሷ ዜሮ ሰጥታለች። ማራገፍ ጠብታ መጣል እንጂ መትነን አይደለም አለች። ልክ ነበረች፤ እሱንም ጻፍነው። የቀሩትን አራት ጥያቄዎችም በዚሁ መንገድ ሠራናቸው። ሁሉም እንደገና ሲታረም የእሷ ምድቦች አማካይ ሰባት ሆነ።

ልንጨርስ ስንል እስክሪብቶውን አንስታ ተቀባይነት ካላቸው መልሶች መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመረች። አየሁት፤ የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከነነጠላው። ጎኑ ላይ ሁለት ነጥብ ብላለች።

ይህንን እንኳ ተይው አልኳት።

«ልጆቹ ምን አጠፉ ጋሼ? ያስተማሯቸውን ነው የጻፉት።»

መስመሩን እንዳለ ተውኩት።

ዓርብ አዲሱን ቅጽ «አጥጋቢ» ብዬ ፈርሜ አስረከብኩና ስብሰባው ላይ ቆምኩ። መመሪያውን ለአሥራ ሁለቱም መምህራን አነበብኩ፤ ማን ምን እንደጠየቀኝ፣ እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ «ለምሳሌ የእናቴ ነጠላ» ብዬ ጮክ አልኩ። ቢስቁብኝ ይቀለኝ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ ወርቅቱም እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደዚያ ቀኑ ትሰማኝ ነበር።