ቁልቁለት ላይ የሚበራው ቀይ መብራት

የእጅ ፍሬኑ ወርዶ ሳለ የሚኒባሱ ዳሽቦርድ ላይ ቀዩ መብራት ለምን ይበራል? ጠዋት ከጊዮርጊስ ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ብልጭ ሲል አየሁት። ሜዳው ላይ ጠፋ። የልጅ ልጄ ቃለአብ የእጅ ፍሬኑን ስቦ መለሰና «በደንብ ሳይወርድ ቀርቶ ነው፣ እማማ» አለኝ። ወርዶ ነበር፤ አይቼዋለሁ።

ሚኒባሱ የሟቹ ባለቤቴ የሉልሰገድ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ከፒያሳ ሰው ሲጭንበት፣ ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ ቁልፉን ከፈት አድርጎ የዳሽቦርዱን መብራቶች አንድ በአንድ ያያቸው ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ያኔ ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ፣ የዘይኑዲን ጋራዥ ከኛ ሦስት በር አልፎ ነበር፤ መዶሻው ሲያንኳኳ ከአልጋዬ እሰማዋለሁ። ዛሬ እዚያ ሰፊ አስፋልት ነው።

ቃለአብ በዚሁ መኪና የተማሪ ሰርቪስ ይሠራል። በዘጠኝ ሰዓት አሥራ አንድ ሕፃናት ከአምስት ኪሎ ይመልሳል። አንድ ቀን ከቀረ ወላጆቹ ሌላ ሰርቪስ እንደሚይዙ ነግረውታል። ይህን እያወቅሁ፣ ሳልነግረው ለዘይኑዲን ደወልኩ።

«እትዬ የሺ፣ ዛሬም ያለ እርስዎ ፈቃድ መኪና አይወጣም?» እያለ ዘይኑዲን ገባ።

«አንዲት መብራት አይተው መካኒክ ይጠራሉ» አለ ቃለአብ። «ፊውዝ ቢቃጠልማ አምቡላንስ ሊጠሩ ነው።»

ዘይኑዲን ሳቀ፤ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ሲያይ ግን ሳቁ ቆመ። «ይህቺ መብራት ለእጅ ፍሬንም ለፍሬን ዘይትም ናት። ዘይቱ ጎድሏል። ቁልቁለት ላይ ሲያጋድል ትበራለች፣ ሜዳ ላይ ትጠፋለች።»

«ባለፈው ሳምንት እኮ ሞልቼው ነበር።»

ከቃለአብ አፍ አመለጠ። ሳምንት ሙሉ አብሬው ስሄድ ምንም አላለኝም።

«ጎማውን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ሲያልቅም ዘይት ይወርዳል፤ ግን በወራት ነው» አለ ዘይኑዲን። «አዲሶቹ መኪኖች ለሸራ ለብቻው ቢጫ መብራት አላቸው። ያለቀው ሸራ ብቻ ቢሆን ቀስ ብለህ ጋራዥ ትደርስ ነበር። በሳምንት የሚወርድ ግን ይፈሳል። እስቲ ሞተሩን አስነሳና ፍሬኑን ረግጠህ ያዘው።»

ረገጠው። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ቀስ እያለ ሰመጠ። የኋላው ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል በፈሰሰው ዘይት ርሶ ነበር።

«አትነዳትም። ወደ ጋራዥም በራሷ አትሄድም፤ በሌላ መኪና ተጭና ነው።»

«ጋሼ፣ አምስት ኪሎ ቅርብ ነው። በአንደኛ ማርሽ…»

«ቅርብ ላይ ሰው መንገድ አያቋርጥም?»

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። ሉልሰገድ ቢኖር ምን ይለው ነበር ብዬ አሰብኩ። «ለወላጆቹ እኔ ልደውል» አልኩት በመጨረሻ፣ «ስልካቸውን ስጠኝ።»

ቀና ብሎ አላየኝም። የስልክ ቁጥሮቹን የያዘውን ደብተር እጄ ላይ አኖረ፣ ቁልፉን ለዘይኑዲን ሰጠ፣ ጃኬቱን ለበሰና ሕፃናቱ ወዳሉበት ወደ አምስት ኪሎ በእግሩ ወጣ።