አንድ ቀን የዘገየ ዋጋ

ጋሼ መክብብ ሰው ሲጎዳ ድምፁን አያነሳም። የመቱ ከተማ ቡና አቅራቢ ሁሉ ሲጮህ ይውላል፤ እሱ ግን «ልጄ» እያለ ነው የሚያርደው።

ትግስት አራጌንም የቀጠራት «ልጄ» ብሎ ነው። ኮምፒውተር ተምራ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት አገኛትና፣ በየጠዋቱ ለገበሬው የቡና ዋጋ የሚለጠፍበት የቴሌግራም ቻናል አስከፈታት። ስብሰባ ላይ «ገበሬያችን በደላላ አይበላም!» ብሎ ተጨበጨበለት። እሷም ከልቧ አጨበጨበች። አባቷ የኡካ መንደር ገበሬ ነው፣ የሚያፈሰው የሣር ቤት ቆርቆሮ እንዲለብስ የዓመቱን ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ጎተራ ከቶ ዋጋ የሚጠብቅ፤ ታዲያ ምን ታድርግ!

ዋጋው ከየት ይምጣ? ሁለት ምንጭ አነጻጽራ ጻፈችለት። ነጻው የኒውዮርክን የቡና ገበያ መዝጊያ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፣ እሱንም አንድ ቀን አዘግይቶ፤ የአገር ቤቱን ገበያ ጭራሽ አያውቀውም። ግን ምንጩን ጠቅሰው «የዘገየ ዋጋ ነው» ብለው እስከጻፉ ድረስ ለሕዝብ መለጠፍ ይፈቅዳል። የሚከፈልበት ወዲያው ይደርሳል፣ የአገር ውስጡንም በየደረጃው ይዟል፤ ፈቃዱ ግን ለአንድ ተጠቃሚ ነው፣ ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል። ለሕዝብ ማሰራጨት ሌላ ውል ነው፣ ክፍያውም ብዙ እጥፍ። «የማሰራጫውን ይግዙ ጋሼ፤ ካልሆነም በነጻው እንሥራና መዘግየቱን በግልጽ እንንገራቸው» ብላ ደመደመች።

ጋሼ መክብብ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።

«ጎበዝ! ለገበሬው ነጻው ይበቃዋል። የሚከፈልበትን ደግሞ ለአንድ ሰው ግዢ።»

«ለማን?»

«አንዱ ሰውማ እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

የተጠቃሚ ውሉን በቢሮው ስም እሷ ፈረመች። የኒውዮርኩን መዝጊያ ወደ ብርና ወደ ኪሎ ጀንፈል አስልታ ቻናሉ ላይ «ይህ ዋጋ አንድ ቀን የዘገየ ነው» ብላ ስትጽፍ ግን ጋሼ መክብብ ከጀርባዋ ቆሞ አየ። «ይኼን ምን አመጣው? ገበሬ ግራ ይጋባል፤ አውጪው።» ፈቃዱ ያስገድዳል አለችው። «ነጻ ነገር ደግሞ ማን ይቆጣጠረዋል?» ብሎ ሳቀ። አወጣችው። ደመወዟን አሰበችና አወጣችው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ወራት አለፉ፤ ዋጋው ዝም ብሎ ሲንፏቀቅ መዘግየቱ ማንንም አልጎዳም። ገበሬው ቻናሉን እንደ ወንጌል ያዘው።

አንድ ጠዋት ቢሮ ስትገባ የጋሼ መክብብ ኮምፒውተር ክፍት ነበር። ብራዚል ድርቅ ገብቷል ተብሎ የኒውዮርክ ቡና ዋጋ ማታውን ወደ ላይ ተተኩሷል። ነጻው ላይ ያለው ግን የከትናንት ወዲያው መዝጊያ ነው። የቢሮው የጭነት አይሱዙ ግቢ ውስጥ የለም፤ ቡና የሚገዙለት ሰዎቹ ጎህ ሲቀድ ወደ ኡካ ወጥተዋል።

«ጋሼ፣ አዲሱን ልለጥፈው?»

«ክልክል ነው አላልሽም እንዴ? ራስሽ ነሽ የጻፍሽው።»

«እሺ፣ ለአባቴ እንኳ ልደውልለት!»

ሻዩን ፉት አለ። «አራጌ ኡካ ነው አይደል ያለው? ደውዪ። ለሌላ ማስተላለፍ ነው ግን፤ ውሉን የፈረምሽው አንቺ፣ የምትጠየቂውም አንቺ፣ ከዚህ የምትወጪውም አንቺ። እንደ ልማድሽ የጠዋቱን ዋጋ ለጥፊ፣ ልጄ።»

የነጻው ፈቃድ ሲጣስ የሳቀ ሰው፣ የተከፈለበት ላይ ሲደርስ ሕግ አዋቂ ሆኖ ቁጭ! ትግስት ይኼ ሁሉ ገብቷታል። ገብቷትም የድሮውን ዋጋ ለጠፈች። ስልኩን አንስታ አስቀመጠች፣ ደግሞ አነሳች፣ ደግሞ አስቀመጠች። ፈሪ ነበረች፣ ምን ይደበቃል! እሱ ለምሳ ሲወጣ ነው የደወለችው።

«አባዬ! ጀንፈሉን እንዳትሸጠው!»

«አይ ትግስቴ፣ አሁን ገና ጭነውት ሄዱ!» አራጌ ደስ ብሎታል። «የጋሼ መክብብ ሰዎች ናቸው፤ ስልካቸውን ከፍተው ያንቺን ጽሑፍ አሳዩኝ፣ ሳንቲም ሳያጎድሉ በዋጋሽ ወሰዱት። ገንዘቡ ለቆርቆሮው ከታሰበው ያንሳል፤ ግድ የለም፣ ግማሹን እንከድናለን።»

«ሌላ ገዢ አልመጣም?»

«ያ ነጋዴው ኦሊ መጥቶ ነበር እንጂ! በኪሎ ብዙ ጨምሮ ካልወሰድኩ ብሎ ደጄ ላይ ማለ። አባረርኩት።»

«ለምን አባዬ? ለምን?»

«ልጄ ከጻፈችው በላይ የሚሰጥ ሰው በሚዛን ሊሰርቀኝ ካልሆነ ለምን ይሰጠኛል?» አለና ሳቀ። «ሌባ ብዬ ሰደብኩት፣ ጎረቤቱም ሁሉ እኔን አይቶ አባረረው። አንቺ እያለሽ ማን ያታልለናል?»