በየበሩ አንዴ ብቻ

የመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል አስተዳዳሪ ከምሳ በኋላ ዓይኗን እያሸች የመግቢያ መዝገቡን ከፈተች። በየሠራተኛው ስም ስታየው ሰላም ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አንዴ የይለፍ ቃል ተሳስቷል፣ የማይሳሳት የለም። አንድም አካውንት አልተቆለፈም። ልትዘጋው ስትል፣ እስቲ ብላ፣ ሙከራዎቹን በመጡበት የኢንተርኔት አድራሻ ደረደረቻቸው። ክው አለች። ያ ሁሉ ስህተት የመጣው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ካለ ከአንድ አድራሻ ነው። አንዱ ሌባ፣ ሰው የሚያዘወትረውን ተራ የይለፍ ቃል ይዞ፣ አካውንቱ እንዳይቆለፍበት በየሰዉ በር አንዴ ብቻ እያንኳኳ፣ ከዘበኛው እስከ ሒሳብ ሹሟ አዳርሷል።

መዝገቡን ወደ ታች ስታነብ አንዱ በር ጠዋት ተከፍቶለታል፤ የሥራ አስኪያጁ። በስልክ የሚመጣውን ተጨማሪ ኮድ «አታሰልቺኝ» ብለው ያስነሱት እሳቸው ናቸው። እንዲመልሱት ስትለምናቸው ስለከረመች ለመናደድ እንኳ አቅም አጣች። ሌባውን አስወጣች፣ የይለፍ ቃሉን ለወጠች፣ ኮዱን መለሰች።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«ልጄ፣ ኢሜይሌ አላስገባ አለኝ። ሥራ አለብኝ እኮ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ። «እርስዎን ሆኖ ሲሠራ ያረፈደ ሰው አለ።»