ይኼኛውም ተበላሽቷል

ሰውየው ባንክ ውስጥ የማጭበርበር ተቆጣጣሪ ነው፤ እንጀራው መጠርጠር ነው። ክፋቱ፣ ከቢሮ ሲወጣ ሥራውን እዚያው ትቶት አይወጣም። «ያልጠረጠረ...» ብሎ ሲጀምር ሚስቱ «ተመነጠረ» ብላ ጨርሳለት ከክፍሉ ውልቅ ትላለች። ልጆቹ ጓደኛ ይዘው ከመጡ፣ የጓደኛውን አባት ሥራ ሳይጠይቅ ውሃ አያስቀርብም።

አባቱ ካረፉ በኋላ፣ አንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት፣ ታናሽ እህቱ ዘንድ ሄደ። እህቱ የፋርማሲ ባለሙያ ናት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ከአባታቸው ጋር የኖረችው እሷ ናት። ቤቱ እንደነበረ ነው። አባታቸው ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ጠረጴዛቸው ላይ ማጉሊያ መነጽራቸውና ጥቃቅን ወረንጦዎቻቸው እንደተደረደሩ አሉ። ከጎናቸው ደግሞ በስተርጅና የተለማመዷት ላፕቶፕ።

የይለፍ ቃል እየጠፋባቸው ሲቸገሩ፣ ልጅቷ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ከፍታላቸው ነበር። ሁሉም እዚያ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል፤ እሳቸው የሚያስታውሱት የካዝናውን ዋና ቃል ብቻ ነው። እሱንም ሳይሞቱ ለእሷ ነግረዋታል። ለእሷ ብቻ። ተቆጣጣሪውን የቆረቆረው ይኸው ነው።

የተስማሙት እንዲህ ነበር፦ የተደጋገመውንና ያረጀውን ያጠፋሉ፤ የመብራት፣ የውሃና የስልክ የመሳሰለውን ወደ እህትየው ካዝና ያዛውራሉ፤ ከዚያ የአባታቸውን ካዝና እንዳለ ይሰርዙታል። እሱ አንድ ነገር ጨመረ፤ እሱ ሳያይ አንዲት ነገር እንዳትጠፋ። እህቱ ቀና ብላ አየችውና «እሺ ጋሼ» አለች። በዓለም ላይ የቀረችለት እህት እሷ ብቻ መሆኗን ያውቃል። የሚደብቅ ሰው ሆና ብትገኝ ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም ነበር፤ ፈርቶ ነበር ማለት ይቻላል።

«የመብራቱ ሁለት ጊዜ ገብቷል» አለች ማያውን ወደ እሱ አዙራ።

«አዲሱን ተዪ፣ አሮጌውን አጥፊ።»

«አዲስ ስለሆነ ትክክል ነው ማለት አይደለም። አባዬ ተሳስቶ ጽፎ፣ ፕሮግራሙ ‹ላስቀምጠው ወይ?› ሲለው እሺ ብሎት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እንሞክረው።»

ሞከሩ። አዲሱ አልከፈተም፤ አሮጌው ከፈተ። ሌላ ሰው ቢሆን «ደግ አደረግሽ» ይል ነበር። እሱ ግን፣ ይቺ ልጅ ይህን ካዝና ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ አብጠርጥራ የምታውቀው ብሎ አሰበ።

ቀጠሉ። ከዓመታት በፊት የተዘጋ የሰዓት ዕቃ መሸጫ ገጽ ጠፋ። አንዱ በስልክ፣ አንዱ በኮምፒውተር ሁለቴ የተቀመጠ የጋዜጣ መግቢያ አንዱ ጠፋ። በዚህ መሃል የሰውየው ስልክ ጮኸ፤ ሚስቱ ናት። ወደ በረንዳው ከመውጣቱ በፊት ግን ዓይኑን ወደ ማያው ጥግ ጣል አደረገ፤ ካዝናው ውስጥ የቀረው ብዛት እዚያ ይታያል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

ሲመለስ ቁጥሩ በስድስት ቀንሷል።

«ምን አጠፋሽ?»

«ድግግሞሽ ነው።»

«እኔ ሳላይ?»

«አንተ ማየት የለብህም፣ ጋሼ። ተወው።»

ተወው ሲሉት የሚተው ሰው ቢሆን ኖሮ ሌላ ሥራ ይይዝ ነበር። ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። የጠፋ ነገር ወዲያው እንደማይጠፋ፣ መጀመሪያ መጣያው ውስጥ ገብቶ ለተወሰነ ጊዜ እንደሚቆይ ያውቃል። መጣያውን ከፈተ። ስድስቱም አንድ ገጽ ናቸው፤ ሰዎች ፎቶ የሚለጥፉበት የታወቀው ማኅበራዊ መድረክ። ኢሜይሉ ግን ስድስት ዓይነት፣ ስሙም ስድስት ዓይነት፤ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት። አጭበርባሪዎች የሚከፍቱት ዓይነት ነው። እጅ ከፍንጅ ያዝኳት አለ በልቡ፤ ደስ ግን አላለውም።

«በአባዬ ካዝና ስድስት የሐሰት አካውንት። ማንን ልታታልዪበት ነው?»

መልሷን ሳይጠብቅ ስድስቱን ወደ ካዝናው መለሳቸውና የመጀመሪያውን ከፈተ። ከይለፍ ቃሉ ሥር ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። አባቱ ጽፈውበታል።

«ይኼ ተበላሽቷል። ልጄና ልጆቹ አይታዩበትም።»

ሁለተኛውን ከፈተ። «ይኼኛውም ተበላሽቷል። ጥቂት ሠርቶ ነበር።» ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ አምስተኛውም እንደዚያው። ስድስተኛው ረዘም ይላል፦ «ይኼ ይሠራል። ትንሿ ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አየኋት። ምንም እንዳልነካ።» ከታች ደግሞ፣ ሌላ ቀን የተጨመረ ይመስላል፦ «እንጃ፣ ነካሁት መሰለኝ።»

ተቆጣጣሪው አስታወሰ። ፎቶ የሌለው፣ ጓደኛ የሌለው፣ ስሙ የማይነበብ ሰው በልጆቹ ፎቶዎች ሥር የመውደድ ምልክቱን አንድ በአንድ እየነካ አስቸግሮት ነበር። አገደው። በሌላ ስም መጣ፤ አገደው፤ የታገደ ሰው ደግሞ ገጹን ከነጭራሹ አያየውም። «ልጆቼን የሚከታተል ሌባ አለ» ብሎ ለሚስቱ ነገራት። ለሥራ ባልደረቦቹም እንደ ትምህርት አድርጎ አስረድቷል፤ የማያውቁትን ሰው እንዴት እንደሚለዩት።

«ለምን አልጠየቀኝም?» አለ። «ስልክ እንደዋወል አልነበረም?»

«እኔንስ መች ጠየቀኝ? ትናንት ነው ያየሁት። ያበላሸው እሱ መስሎት አፍሮ ነው፤ ስሙንም ገጹ ራሱ የሰጠውን ይዞ አዲስ ይከፍት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዕቃ አበላሽቶ አያውቅማ።» ዓይኗን ጠረገች። «ሳታየው ይቅር ብዬ ነው የሰረዝኩት።»

እሱ ደግሞ ሌባ አደረጋት። ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ግቢበት እስቲ። በመጀመሪያው።»

ገባችበት፤ ኮምፒውተሩ የአባታቸው ስለሆነ ገጹ ሌላ ማረጋገጫ አልጠየቃትም። የወንድሟን ስም ፈለገች፤ የለም። እሱ የሚባል ሰው በዚያ ገጽ ላይ ጭራሽ ያልተፈጠረ ይመስል ነበር። እሱም ስልኩን አውጥቶ የታገዱትን ዝርዝር ከፈተ። አጭር ዝርዝር አይደለም። ስድስቱን ከመሃል እየለቀመ እገዳቸውን አነሳ።

«አሁን ሞክሪ።»

በአባታቸው ማያ ላይ ልጆቹ መጡ። ትንሿ ጥርሷ ወልቆ ትስቃለች። ሁለቱም ተጠግተው አዩዋት። እሱ አለቀሰ፤ በአባቱ ቀብር ያላለቀሰውን ጭምር።

ቆይተው፣ የሚዛወረው ተዛውሮ ካለቀ በኋላ፣ እህቱ «ካዝናውን እናቆየው ይሆን?» አለች።

«አይ። ባለቤት የሌለው በር ነው። እንዳልነው እናጥፋው» አለ። አካውንቶቹ እዚያው እንደሚቀሩ፣ የሚጠፋው መክፈቻቸው እንደሆነ ያውቃል። ካሁን በኋላ በእነሱ የሚገባ ሰው የለም፤ እገዳቸው ግን ተነሥቷል።

ፕሮግራሙ አስጠነቀቀ። መጣያው ውስጥ ያለው ሳይቀር ሁሉም ይጠፋል፣ መመለሻ የለውም፤ እርግጠኛ ከሆኑ ዋናውን የይለፍ ቃል ያስገቡ። እህቱ በውላቸው መሠረት ማያውን ወደ እሱ አዞረች፤ እንዲያይ።

እሱ ግን ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቷት፣ መንገዱን እያየ ቆመ። ከኋላው የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማዋል።

«ጠፋ» አለች።

«እሺ ሚጡ» አላት፣ ዞሮ ሳያይ።